የኮሪያኛ ድራማ «ዮ» የአማርኛ «እርስዎ» አይደለም

የኮሪያኛ ድራማ የግርጌ ጽሑፍን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ተርጓሚ አንድ ቀላል ቀመር ቅርብ ነው፤ ግሱ በ«ዮ» ሲያልቅ «እርስዎ»፣ ያለ «ዮ» ሲያልቅ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት። ቀመሩ ግን ሁለት የተለያዩ አክብሮቶችን ያደባልቃል።

የመጀመሪያው አክብሮት ለአድማጩ የሚሰጥ ሲሆን ቦታው የግሱ መጨረሻ ነው። «ዝናብ እየዘነበ ነው» ለማለት ኮሪያዊ ለቅርብ ጓደኛው «ፒጋ ዋ»፣ ለማይቀርበው የሥራ ባልደረባ «ፒጋ ዋዮ»፣ ወታደር ደግሞ ለአለቃው «ፒጋ ኦምኒዳ» ይላል። የሚከበረው ዝናቡ ሳይሆን ሰሚው ነው። በአማርኛ ግን ግሱ አክብሮትን የሚያሳየው ተከባሪው ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ወይም ተሳቢ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ የሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ልዩነት በግስ አይተላለፍም።

ሁለተኛው አክብሮት ለድርጊቱ ባለቤት የሚሰጥ ሲሆን ከግሱ ግንድ ቀጥሎ በሚገባው «ሺ» ይገለጻል። ተማሪ ለጓደኛው ስለ መምህሩ «ሶንሴንኒም ካሾሶ» ሲል፣ በ«ሾ» ውስጥ የተዋጠው «ሺ» መምህሩን ያከብራል፤ «ዮ» አለመኖሩ ደግሞ የጓደኛሞቹን ቅርበት ያሳያል። አማርኛ ይህን «መምህሩ ሄዱ» ብሎ በሚገባ ይገልጸዋል። እንግሊዝኛው ግስ ግን አክብሮቱን ስለማይይዝ፣ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው የገዛ ቋንቋው ሊሸከም የሚችለውን ነገር ያጣል።

የቀመሩ ጉዳት ጎልቶ የሚወጣው በፍቅር ታሪክ ውስጥ ነው። በአንድ ቢሮ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች በ«ዮ» እየተነጋገሩ ይቆዩና አንዱ «ማል ኖኡልካዮ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃል በቃል «ንግግራችንን እናውርደው?» እንደማለት ነው። ተርጓሚው ከመጀመሪያው «አንቺ» ብሎ ከነበረ ጥያቄው ትርጉም ያጣል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አስቀድሞ «እርስዎ» ማለቱ ተገቢ ነው፤ ጥያቄውም «አንቱታው ይቅርብን?» ይሆናል። በሌላ ድራማ ግን ፍቅረኞቹ እስከ ፍጻሜው በ«ዮ» ሊነጋገሩ ይችላሉ። እዚያ «እርስዎ» እስከ መጨረሻ ቢዘልቅ ፍቅሩን የቢሮ ደብዳቤ ያስመስለዋል። በተቃራኒው እናቱን ያለ «ዮ» የሚያናግር ልጅ ደፋር አይደለም፤ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ይህ የመቀራረብ ምልክት ነው።

ስለዚህ ውሳኔው በግሱ መጨረሻ ብቻ ሊወሰን አይገባም። ተርጓሚው ድራማውን እስከ መጨረሻ አይቶ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚነጋገርና አነጋገሩ በየትኛው ትዕይንት እንደሚለወጥ መዝግቦ ቢጀምር ይሻላል። «ሺ»ን በአማርኛው የአክብሮት ግስ መመለስ በአብዛኛው ይቻላል። «ዮ» ግን አንዳንዴ በ«እርስዎ»፣ አንዳንዴ «አቶ» ወይም «ወይዘሪት» በሚል መጠሪያ፣ አንዳንዴም በቃላት ምርጫ ብቻ ይገለጻል። ሁሉን ደረጃ ለማሳየት ከመጣር፣ ታሪኩ የሚታጠፍበትን ለውጥ ማዳን ይበልጣል።