page=2 አስተምሬያችኋለሁ፤ አሁን አጥፉልኝ

ክፍሌ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ስለ ኤፒአይ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ page=1፣ page=2 እየጻፍኩ «ባዶ ገጽ እስኪመጣ ድረስ ዞራችሁ ጥሩ፣ በቃ፣ ዳታው ሁሉ እጃችሁ ገባ» እል ነበር። አልገባም። ይህንን ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። በቀደም ደወለችና «ቲቸር፣ እርስዎ እንዳስተማሩን ነው የሠራሁት፣ ግን 31 ዕቃ ጠፋብኝ» አለችኝ። እኔም መጀመሪያ ያልኳት «ኮድሽን ደግመሽ እይው» ነበር። አያችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ሆኖ እሷን ነው የጠረጠርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትሠራው ለአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ነው። ዋናው መጋዘን የራሱ ሲስተም አለው፣ ቅርንጫፎቹም የየራሳቸው። የሷ ፕሮግራም በየተወሰነ ሰዓቱ ተነስቶ ዋናውን «ካለፈው ሲንክ ወዲህ የተቀየረውን ስጠኝ» ይለዋል፤ የመጣውን ቅርንጫፉ ላይ ይጽፋል። በአዘቦት ቀን የሚቀየረው ጥቂት ስለሆነ አንድ ሁለት ገጽ ነው፣ ችግር አይታይም። ቆጠራ የተደረገ ቀን ግን 12,000 ያህል ረድፍ አንድ ላይ ተቀየረ። መቶ መቶ እያለ ሲያመጣ 120 ጥያቄ ማለት ነው። በኛ ኢንተርኔት እያንዳንዱ አምስት ሰከንድ ወሰደ፤ በድምሩ አሥር ደቂቃ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ጀምሮ 4:10 ላይ ጨረሰ። በነዚያ አሥር ደቂቃዎች መጋዘኑ ሥራውን አላቆመም፤ እየሸጠ፣ እየመዘገበ ነበር።

ሰርቨሩ ጀርባ ያለው ጥያቄ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፦

```sql
SELECT * FROM items
WHERE updated_at > :last_sync
ORDER BY updated_at
LIMIT 100 OFFSET 100;
```

ኦፍሴት ማለት «ከመጀመሪያው ይህን ያህል ረድፍ ዝለልና ቀጣዩን ስጠኝ» ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የትኞቹን ረድፎች እንዳነበባችሁ አይጠይቅም፤ ስንት እንደሆኑ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወረፋ ላይ ቆማችሁ «ከኔ ፊት ያለው ሰውዬ ማን ነበር?» ከማለት ይልቅ «እኔ አራተኛ ነኝ» ብላችሁ ሻይ ልትጠጡ እንደመሄድ ነው። ስትመለሱ አራተኛው ሌላ ሰው ነው።

በትንሹ እንሥራው። ዘጠኝ ዕቃ አለን፣ በተቀየሩበት ሰዓት ተደርድረዋል፦ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ቀ። ሦስት ሦስት እናንብብ። አንደኛው ገጽ ሀ ለ ሐ ሰጠን። ሁለተኛውን ከመጠየቃችን በፊት አንድ ሠራተኛ ለ-ን ሸጠ። የተቀየረበት ሰዓት አዲስ ስለሆነ ለ ከመሃል ተነስቶ መጨረሻ ሄደ። አሁን ሰልፉ ሀ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ቀ ለ ሆነ። እኛ «ሦስት ዝለል» እንላለን፤ እሱም ሀ፣ ሐ፣ መ-ን ዘሎ ሠ ረ ሰ ይሰጠናል። ሦስተኛው ገጽ ሸ ቀ ለ። አለቀ።

መ የት ሄደ? ማንም አልነካውም፣ ማንም አልሰረዘውም። የጠፋው ጎረቤቱ ስለተነሳ ብቻ ነው። ደግሞ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስንት ረድፍ ተቀበልን? ዘጠኝ። ስንት ነበር? ዘጠኝ። ለ ሁለቴ መጥቶ የመ-ን ቦታ ሸፈነለት። ተማሪዬ ሎጉ ላይ «12,000 ተጠይቆ 12,000 ደረሰ» የሚል አረንጓዴ መስመር እያየች ነበር የምትፎክረው።

«ታዲያ በሚቀጥለው ሲንክ ይመጣል» የምትሉ አላችሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። አይመጣም። ፕሮግራሙ ሲጨርስ «ያለፈው ሲንክ 4:00» ብሎ ይመዘግባል። መ የተቀየረው ከ4:00 በፊት ነው። ቀጣዩ ጥያቄ «ከ4:00 ወዲህ» ስለሚል አንድ ሰው እስኪነካው ድረስ ለዘላለም አይታይም። ከ31ዱ አንዱ በቆጠራው ወቅት «አይሸጥ» የሚል ምልክት የተደረገበት የመድኃኒት ምድብ ነበር። ቅርንጫፉ ሲስተም ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ይሸጣል» እንዳለ ቆየ። ያገኘችው ደብዳቤውን በወረቀት ያነበበች ፋርማሲስት ናት እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።

ስለዚህ «ኦፍሴት ቀላል ነው፣ እስካሁን ማንም አላማረረም» የሚሉኝን ወዳጆቼን አልሰማም። የጠፋ ረድፍ ስሕተት አይጥልም፣ ማንቂያ አይደውልም፤ ማን ያማርር? ለሰው የሚታይ ሠንጠረዥ ላይ፣ አንድ ሰው «ገጽ 7» ብሎ ሊዘል ሲፈልግ፣ ኦፍሴት ይሁን፣ አልጣላም። ሰው ሁለት ጊዜ ያየውን ያልፈዋል። ማሽን ለማሽን ዳታ ሲያስተላልፍ ግን፣ በተለይ ደቂቃዎች በሚወስድ ሲንክ፣ ሳያሳውቅ የሚጥል መንገድ ማቅረብ ስንፍና ነው።

መፍትሔው ከርሰር ነው፤ ማለትም ቁጥር ሳይሆን ምልክት መያዝ። «ከሐ በኋላ ያለውን ስጠኝ።» ለ ቢነሳም ባይነሳም ከሐ በኋላ ያለው መ ነው። ለ ደግሞ መጨረሻ ላይ በአዲሱ ዋጋው ሲመጣ እሰየው፣ እሱን ነው የምንፈልገው።

```sql
SELECT * FROM items
WHERE (updated_at, id) > (:t, :id)
ORDER BY updated_at, id
LIMIT 100;
```

ያቺን id አትጣሏት። ቆጠራው በመደርደሪያ በመደርደሪያ ነበር የተመዘገበው፤ አንድ መደርደሪያ 140 ዕቃ ይዞ በአንድ ጊዜ ሲቀመጥ 140ውም አንድ ዓይነት ሰዓት ይይዛሉ። በሰዓት ብቻ «የሚበልጠውን» ብትጠይቁ ገጹ መቶ ላይ ሲቆረጥ አርባው ይቀራል። «የሚበልጠውን ወይም እኩል የሆነውን» ብትሉ ደግሞ ያንኑ መቶ ረድፍ እየደጋገማችሁ ታድራላችሁ። ሌላም አለ፤ ፖስትግሬስ ሰዓትን እስከ ማይክሮሰከንድ ይይዛል፣ የጃቫስክሪፕት Date ግን ሚሊሰከንድ ላይ ይቆማል። ከርሰሩ በመሃል ጃቫስክሪፕት ውስጥ ካለፈ ሦስት አኃዝ ይቆረጥና ያነበባችሁት ረድፍ ተመልሶ ይመጣል። ሰዓቱን እንደ ጽሑፍ ሳትነኩ አሳልፉት።

ከርሰር የሚል ስም ስላያችሁ ብቻም አትመኑ። ሪሌይን ለሚደግፉ የግራፍኪውኤል ሰርቨሮች በተዘጋጀው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ውስጥ ለተራ ዝርዝር የሚሰጠው ከርሰር ይህን ይመስላል፦ YXJyYXljb25uZWN0aW9uOjEw። ግርማ ሞገሱ! በቤዝ64 ፍቱት፤ arrayconnection:10 ይላችኋል። ካባ የለበሰ ኦፍሴት ነው። ስትራይፕ ግን starting_after ላይ የመጨረሻውን ዕቃ መለያ ራሱን ነው የሚቀበለው፤ እንዲህ ያለው ነው ከርሰር።

አሁን ደግሞ የራሴን ወገን ልውቀስ። ከርሰር ያስገቡ ሰዎች «ተገላገልን» ብለው ይተኛሉ፤ ተማሪዬም ልትተኛ ነበር። ፖስትግሬስ ውስጥ now() የሚሰጠው ትራንዛክሽኑ የጀመረበትን ሰዓት ነው። አንድ ትራንዛክሽን 4:00:00 ላይ ጀምሮ 4:00:20 ላይ ቢጸድቅ፣ ረድፉ ለሌላው የሚታየው 4:00:20 ላይ ነው፤ የያዘው ሰዓት ግን 4:00:00 ነው። የኛ ከርሰር በዚህ መሃል 4:00:15 ላይ ደርሶ ከነበረ ያ ረድፍ ከጀርባው ተወለደ ማለት ነው። አያየውም። በሰዓት ፋንታ እየጨመረ በሚሄድ id ብትጠቀሙም ያው ነው፤ 501 ቁጥሩን ወስዶ ሳይጸድቅ 502 ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሲንክ ስትጀምሩ ከቆማችሁበት ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ስንት? ዋናው ሲስተም ላይ ረጅሙ ትራንዛክሽን ከሚወስደው በላይ። የተደገመው ረድፍ እንዳይጎዳችሁ አጻጻፋችሁ «ካለ አድስ፣ ከሌለ ጨምር» ይሁን። የተሰረዘ ረድፍ ደግሞ በምንም ከርሰር አይመጣም፤ ዋናው ሲስተም ረድፉን ከመሰረዝ ይልቅ deleted_at ላይ ምልክት ማድረግ አለበት።

ኤፒአዩ የሌላ ድርጅት ሆኖ ኦፍሴት ብቻ ከሆነ ያለውስ? መደርደሪያውን እንድትመርጡ ከፈቀደ በማይለወጥ ነገር፣ ወደ ላይ በሚያድግ id፣ አስደርድሩት። ያኔ መቀየር ረድፉን አያንቀሳቅስም፤ አዲሱም መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ የሚቀረው አደጋ መሰረዝ ነው። እሱንም ለመያዝ እያንዳንዱን ገጽ ከአንድ ረድፍ በፊት ጀምሩ፤ 100 ሳይሆን 99 ዝለሉ። የመጀመሪያው ረድፍ ቅድም መጨረሻ ላይ ያያችሁት ካልሆነ ሰልፉ ከሥራችሁ ተንቀሳቅሷል፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ያን ረድፍ ፈልጉና ከሱ ቀጥሉ። ገጽ ላይ አንድ ረድፍ ትከስራላችሁ፣ እሱ ነው ዋጋው። መብራት ሄዶ ሲንኩ መሃል ላይ ሲቆረጥም ያው ዘዴ ያድናችኋል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት «ገጽ 63 ላይ ነበርኩ» የሚለው ማስታወሻ ግን ምንም አይነግራችሁም።

በኦፍሴት የሚሄድ ሲንክ ያላችሁ ዛሬ ማታ ይቺን አስኪዱ፤ የተቀበላችሁትን ረድፍ ሁሉ መለያውን የምትመዘግቡበት ሎግ ካላችሁ ማለት ነው፦

```sql
SELECT count(*), count(DISTINCT id)
FROM sync_log WHERE run_id = 118;
```

የተማሪዬ ውጤት 12,000 እና 11,969 ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ቢሆኑም ገና አትጨፍሩ፤ በመሰረዝ ምክንያት የተዘለለ ረድፍ ድግግሞሽ አይተውም፣ እዚያ የዋናውን ረድፎች ከቅርንጫፉ ጋር ማመሳከር ብቻ ነው ያለው። ከተለያዩ ግን ልዩነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የኔን ማስታወሻ ደብተር እስካሁን ያስቀመጣችሁም ካላችሁ፣ የኤፒአዩን ገጽ ቅደዱት።