የመድን ጣሪያ የካሳ ጣሪያ አይደለም

በኢትዮጵያ ማንኛውም ባለተሽከርካሪ ለሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ሕግ ያስገድዳል፤ ሦስተኛ ወገን የሚባለውም ከመድን ውሉ ተዋዋዮች ውጭ ሆኖ በተሽከርካሪው ጉዳት የደረሰበት ሰው ነው። ይሁንና ሽፋኑ እስከ ምን ድረስ እንደሚከፍል በርካታ ተጎጂዎችና አሽከርካሪዎች በተሳሳተ መንገድ ስለሚረዱት፣ ኩባንያው ከፍሎ ሲጨርስ ጉዳዩ ያበቃ ይመስላቸዋል። ይህ ግንዛቤ ከሕጉ ጋር አይጣጣምም፤ ተጎጂውን መብቱን ያሳጣዋል፣ አሽከርካሪውን ደግሞ ላልጠበቀው ዕዳ ይዳርገዋል።

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ የኩባንያውን ግዴታ በሞትም ሆነ በአካል ጉዳት ለአንድ ሰው እስከ 40,000 ብር፣ በንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ወስኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ከፍ እንዲል ቢደረግም ያኔ ለንብረት የተመደበው ገንዘብ ለሰው ሕይወት ከተመደበው መብለጡ ራሱ አንድ ነገር ያስረዳል፦ ጣሪያው የአንድ መድን ሰጪ የክፍያ ወሰን እንጂ የጉዳቱ መለኪያ ተደርጎ አልተቀረጸም።

የጉዳቱ መለኪያ የሚገኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ነው። በቁጥር 2091 መሠረት ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን ሲኖርበት፣ በቁጥር 2081 መሠረት ደግሞ የተሽከርካሪ ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበትና መኪናውን ያለ ፈቃዱ ሌላ ሰው ቢያሽከረክረውም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ከዚህ ኃላፊነት ነፃ የሚሆነው ተሽከርካሪው በአደጋው ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ወይም ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ብቻ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። አሽከርካሪው በበኩሉ ባለቤት ባይሆንም በራሱ ጥፋት ላደረሰው ጉዳት በግሉ ይጠየቃል፤ ተቀጣሪ መሆኑም ተጎጂው አሠሪውን እንዲከስ ተጨማሪ በር ይከፍታል እንጂ እሱን ከኃላፊነት አያወጣውም።

በወር 4,000 ብር ያገኝ የነበረ የግንባታ ሠራተኛ በመኪና ተገጭቶ የመሥራት አቅሙን ግማሽ ለዘለቄታው አጣ እንበል። በዓመት የሚያጣው ገቢ 24,000 ብር ስለሆነ፣ በቀሩት 15 የሥራ ዓመታት በግርድፉ ሲሰላ 360,000 ብር ይደርሳል፤ ለሕክምና ያወጣው 40,000 ብር ሲታከልበት ጠቅላላ ጉዳቱ 400,000 ብር ይሆናል። በ2005ቱ ጣሪያ ኩባንያው የሚከፍለው 40,000 ብር የሕክምናውን ወጪ ብቻ ሲሸፍን፣ ቀሪው 360,000 ብር ባለቤቱንና ጥፋተኛውን አሽከርካሪ የሚጠብቅ ዕዳ ነው። ጣሪያው ሲያድግ ይህ ልዩነት ይጠብባል እንጂ በከባድ ጉዳት ላይ አይጠፋም።

አሽከርካሪው ጣሪያው ውስጥ ባለው ገንዘብም ቢሆን ሁልጊዜ ዋስትና የለውም። የመድን ውሉን ግዴታዎች ጥሶ፣ ለምሳሌ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው አሽከርክሮ ከሆነ፣ ኩባንያው ለተጎጂው የከፈለውን መልሶ ሊጠይቀው ይችላል። የወንጀል ቅጣትንም ማንም መድን ሰጪ አይከፍልለትም። በወንጀል ችሎት በነፃ መሰናበቱ እንኳ የካሳውን ክስ አያስቀረውም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲወስን በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

መብቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ግን በችሎት ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው። ተጎጂው የመድን ገንዘቡን ሲቀበል «ከእንግዲህ ከማንም ላይ ምንም አልጠይቅም» የሚል ሰነድ ከፈረመ፣ ቀሪውን ካሳ ሲጠይቅ ይኸው ፊርማ መከራከሪያ ሆኖ ይቀርብበታል። ከኩባንያው ጋር እየተመላለሰ ጊዜ የሚያባክን ተጎጂም የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት፣ የወንጀል ክሱ የይርጋ ጊዜ የሚረዝም ከሆነ ብቻ ያ ረጅሙ ጊዜ እንደሚጸና ላያውቅ ይችላል።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። መድን ሰጪዎች የሚያስፈርሙት ደረሰኝ የኩባንያውን ዕዳ ብቻ የሚዘጋ እንዲሆንና ተጎጂው በባለቤቱና በአሽከርካሪው ላይ ያለው ቀሪ መብት እንደተጠበቀ በጽሑፍ እንዲያመለክት ተቆጣጣሪው አካል ሊያስገድዳቸው ይገባል። የመድኑ ጣሪያም የዋጋ ግሽበት ከበላው በኋላ አልፎ አልፎ የሚነሣ መሆኑ ቀርቶ በተወሰነ ጊዜ እንዲከለስ በሕግ ይደንገግ። ተጎጂዎችና ቤተሰቦቻቸው ደግሞ የፖሊስን የአደጋ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃና የወጪ ደረሰኞችን ሳይሰበስቡ፣ የሚፈርሙትንም ሰነድ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ አይፈርሙ።