ቅናሹ ከሄደ በኋላ መከላከያውን በኪስ ማሠራት ለምን?

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ከሲብ ወደ ሩዊ ሲሄድ መዋሌሕ አካባቢ ባለው አደባባይ መግቢያ ላይ ከፊቱ የነበረችውን መኪና ከኋላ ገጫት። ሰው አልተጎዳም። ሁለቱም ወርደው ተነጋገሩ፤ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን አልካደም፤ የቀላል አደጋ ወረቀቱም በዚያው ተሞላ። የዚያችኛዋ መኪና ባለቤት ወረቀቱን ይዞ ወደ ወዳጄ ኢንሹራንስ ሄደ። ወዳጄ ግን የራሱን መኪና የፊት መከላከያ ከኪሱ 80 ሪያል ከፍሎ አሠራ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ቅናሼ እንዳይነካብኝ» አለኝ። ሙልኪያውን ሊያድስ ሲሄድ ግን ቅናሹ ተቀንሶ ጠበቀው። 80 ሪያሉም ሄደ፣ ቅናሹም ሄደ።

ይህ የአንድ ሰው ስህተት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። እዚህ ሙስካት መኪና ከያዙ ወገኖቻችን መካከል ብዙዎች የሚያስቡት ልክ እንደ እሱ ነው። «ለራሴ ካልጠየቅሁ ቅናሼ አይነካም» ይላሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ቅናሹ የሚሰጠው ጥሩ አሽከርካሪ ስለሆንን አይደለም። ኩባንያው በዓመቱ ውስጥ በእኛ ውል ስም ገንዘብ ስላላወጣ ነው። ስለዚህ የሚታየው ማን ጠየቀ ሳይሆን ከየትኛው ውል ተከፈለ የሚለው ነው። ጥፋተኛ ስንሆን የሌላው ሰው መኪና የሚጠገነው በእኛ ውል የሦስተኛ ወገን ክፍል ነው። ይህ ክፍል በኦማን ሕግ ግዴታ ነው፤ የተሽከርካሪ መድን ሕጉ የወጣው በሱልጣናዊ ድንጋጌ 34/94 ነው። የተገጨው ሰው ወረቀቱን ይዞ በሄደበት ቀን ኩባንያው ፋይል ይከፍታል፤ በተለመደው አሠራር ያ ፋይል የእኛ ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል። የራሳችንን መከላከያ ብንጠይቅም ባንጠይቅም ዓመቱ ከዚያ በኋላ ንጹሕ አይደለም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን የወሰድኩት ለማስረዳት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ መሰላል አለው። የሙሉ ሽፋን፣ ማለትም የሻሚል፣ ዓመታዊ ክፍያ ያለ ቅናሽ 200 ሪያል ነው እንበል። አደጋ ሳይኖር አንድ ዓመት ሲያልፍ 10 በመቶ፣ ሁለተኛው ሲያልፍ 20፣ ሦስተኛው ሲያልፍ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ 30 ጣሪያው ነው። ጣሪያው ላይ የደረሰ ሰው 140 ሪያል ይከፍላል። በጥፋቱ አንድ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ሁለት ደረጃ ያወርደዋል እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ቅናሹ 10 በመቶ ብቻ ስለሚሆን 180 ይከፍላል፤ በሁለተኛው 160፤ በሦስተኛው ተመልሶ 140 ይደርሳል። ስለዚህ አደጋው በቅናሽ በኩል ያስከፈለው 40 ሲደመር 20፣ በድምሩ 60 ሪያል ነው። ቅናሹን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ክፍያው 200፣ 180፣ 160 እያለ ነው የሚመለሰው፤ ኪሳራውም 120 ይሆናል።

አሁን ሌላ አደጋ እናስብ። አንድ ሰው በገበያ አዳራሽ ምድር ቤት መኪናውን ሲያቆም ከምሰሶ ጋር ተላተመ። ሌላ መኪና የለም። ጥገናው 80 ሪያል ነው፤ በውሉ ላይ ባለመኪናው በራሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ 30 ነው። ኢንሹራንሱን ቢጠይቅ የሚያገኘው 50 ሪያል ነው፤ የሚያጣው ግን 60፣ ወይም 120። እዚህ ከኪስ መክፈል ያዋጣል። ፋይል የሚከፍተው እሱ ራሱ ብቻ ስለሆነ ቅናሹን ማዳን በእጁ ነው።

ወዳጄ ግን እንደዚህ አልነበረም። የሌላዋ መኪና ጥገና 120 ሪያል በእሱ ውል ተከፍሏል። 60 ሪያል ቅናሽ የጠፋው በዚያ ነው። የራሱን 80 ሪያል ጥገና ቢጠይቅ ኖሮ 30 ተቀናሹን ከፍሎ 50 ያገኝ ነበር፤ ምክንያቱም ከአንድ አደጋ የመጡ ሁለት ጥያቄዎች በአብዛኛው እንደ አንድ አደጋ ነው የሚቆጠሩት። 50 ሪያሉን የከሰረው ያልነበረውን ነገር ለማዳን ነው። መከላከያው ያው፣ ዋጋው ያው፤ መልሱን የለወጠው ሌላ መኪና መኖሩ ነው።

«ታዲያ የሰውዬውንም መኪና ከኪሴ አሠርቼ ብገላገልስ?» የሚል ይኖራል። በዚሁ ስሌት 120 ለእሱ፣ 80 ለራስ፣ በድምሩ 200 ሪያል አውጥቶ 60 ወይም 120 ማዳን ነው። አያዋጣም። ከዚያም በላይ ዛሬ ትንሽ የመሰለው ጉዳት ጋራዥ ውስጥ ሲፈታ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ደህና ነኝ ያለውም ሰው ነገ አንገቴን አመመኝ ሊል ይችላል። በእጅ የተሰጠ ብር ያን ጊዜ ጋሻ አይሆንም።

በተቃራኒው ጥፋቱ የሌላው ከሆነ መኪናችንን የሚያሠራው የእሱ ኢንሹራንስ ነው፤ የእኛ ቅናሽ መነካት የለበትም። ለዚህ ነው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚገልጸውን ወረቀት ቅጂ እስከ እድሳቱ ቀን ድረስ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው። ኩባንያ የሚቀይርም ሰው ካሳ እንዳልጠየቀ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞው ኩባንያ ካልያዘ አዲሱ ከዜሮ ሊያስጀምረው ይችላል።

የእኔ ቅሬታ በወዳጄ ላይ አይደለም። እሱ ውሉን ሲፈርም ዋጋውን ነግረውታል፤ መሰላሉን ግን ያሳየው አልነበረም። አደጋ ሲደርስ ስንት ደረጃ እንደሚወርድ፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ የሦስተኛ ወገን ክፍያ እንደሚቆጠር አላወቀም። ብዙዎቻችን ፊት ያለው ወረቀት ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው፤ የምንፈርመውም ሙልኪያው ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው በችኮላ ነው። ኩባንያዎች ይህን መሰላል በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአራት መስመር ማስቀመጥ አያቅታቸውም። በ2024 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን የተካው የፋይናንስ አገልግሎቶች ባለሥልጣንም እንዲህ እንዲያደርጉ ቢያዝ ለተገልጋዩ ትልቅ ነገር ነው።

እስከዚያው ግን ጥያቄው በእጃችን ነው። በሚቀጥለው እድሳት ዋጋውን ከመከራከራችን በፊት ጸሐፊውን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል። አሁን ያለኝ ቅናሽ ስንት በመቶ ነው? በጥፋቴ አንድ አደጋ ቢደርስ ወደ ስንት ይወርዳል? ሌላው ሰው ብቻ ቢጠይቅስ? ሦስተኛውን ጥያቄ ወዳጄ ቢጠይቅ ኖሮ 50 ሪያሉ ዛሬም በኪሱ በኖረ ነበር።