«ተቅማጥ ነው» ያልነው ድርቀት ነበር



የዛሬው ጉዳያችን ሰው በሰው ፊት ለማውራት የሚያፍርበት ነው። ስለ አልጋ ቁራኛ ሰው ዓይነ ምድር ነው። ስለምናፍርበት ዝም አልን፣ ዝም በማለታችንም ደምበጫ ውስጥ አንድ አባታችን ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ አግባብ ተሰቃዩ። ቤተሰባቸው «ስማችንን ሳትጠሩ ጻፉት፣ ሌላው ይማርበት» ስላሉን ነው የምንጽፈው።

እኚህ አባት ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎዱና አልጋ ላይ ቀሩ። ለሕመማቸው ትራማዶል፣ ደም አንሷቸዋል ተብሎም የአይረን ክኒን ታዘዘላቸው። ከመስጂድ ለዚያራ ስንሄድ ልጃቸው «ተቅማጥ ይዟቸዋል፣ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ልብስ እንቀይራለን» አለን። ቤቱ ይታጠባል፣ አንሶላ ይታጠባል፣ የልጅየው ሚስት እጇ ተልጧል። ከአንድ መድኃኒት ቤት ሎፐራማይድ የሚባል ተቅማጥ ማቆሚያ ተገዝቶ ተሰጥቷቸው ነበር። ወተት ቀረ፣ ውሃውም ተቀነሰ። አባታችን ራሳቸው ደግሞ «ልብሴ ነጃሳ ሆኖ ሶላቴ እንዳያልፈኝ» ብለው መጠጣት አቁመው ነበር። እኛም «አላህ ያሽርዎት» ብለን ወጣን። ጥፋታችን ይሄ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ሆዳቸው ተነፍቷል። ምግብ ሲያዩ ያቅለሸልሻቸዋል። ሽንታቸው ጠብ ጠብ ብቻ ይላል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሰው ይሳሳቱ ጀመር። አብራን የመጣች ነርስ የሆነች እህታችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ቅርጽ ያለው፣ ደህና ዓይነ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት መቼ ነው?» በቤቱ ውስጥ የሚያውቅ ጠፋ። ሲቆጥሩ ሲቆጥሩ ዘጠኝ ቀን አለፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚተኛ ሰው አንጀቱ ይዘገያል። ውሃ ሲቀንስ አንጀት ከዓይነ ምድሩ ላይ ያለውን እርጥበት ይመጠዋል። ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን አንጀትን ያስተኛሉ፣ አይረንም ያደርቃል። በዚህ ላይ «ልጆቼን አላስቸግርም» ብሎ ስሜቱ ሲመጣ የሚይዝ ሽማግሌ አለ። ዓይነ ምድሩ ፊንጢጣው ውስጥ እየተከማቸ እንደ ጭቃ ጡብ ይደርቅና መውጫውን ይዘጋል። ከላይ የሚመጣው ፈሳሽ ግን አይቆምም። የመስኖ ቦይ ውስጥ ድንጋይ ሲጋደም ውሃው በጎን በጎኑ እየሾለከ እንደሚወጣ፣ ይህም በደረቁ ዙሪያ ሾልኮ ልብስ ያበላሻል። ፊንጢጣው ለብዙ ቀን ተወጥሮ ስለቆየ ስሜቱ ይደነዝዛል፣ መዝጊያው ጡንቻም ይላላል። ስለዚህ በሽተኛው ሲወጣው አያውቅም። ሰው ፈሳሹን አይቶ «ተቅማጥ» ይላል፤ መሠረቱ ግን ድርቀት ነው።

እንዴት ይለያል? እውነተኛ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ በመጠን በርከት ይላል፣ በቁርጠት ይመጣል፣ አንዳንዴ ትኩሳት አለው፣ በሽተኛውም ይሰማዋል። ይሄኛው ጥቂት ጥቂት ነው፣ ልብስ ይቀባል፣ ሳይታወቅ ይወጣል፣ ከመጀመሩ በፊትም ለቀናት ደህና ዓይነ ምድር አልነበረም። ሆድ ይነፋል፣ በግራ በኩል ወደ ታች ሲነካ እብጠት የሚሰማበት ጊዜም አለ። የተወጠረው ፊንጢጣ የሽንቱን መንገድ ስለሚጫነው ሽንት ይከለክላል። በሽማግሌ ላይ ደግሞ መቃዠት የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በመገመት ብቻ አይወሰንም፤ ጓንት አጥልቆ በቅባት በጣት የሚመረምር ባለሙያ ያስፈልጋል። ጣት የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተከማቸ ከሆነም ሐኪም የሆድ ራጅ ሊያዝ ይችላል።

እንግዲህ ሎፐራማይድ ምን እንዳደረገ አስቡት። የተዘጋውን በር ከውስጥ ቆለፈው። ውሃ መከልከሉም ጡቡን ይበልጥ አደረቀው። እኛ እንደምናየው መድኃኒት ሻጭ ተቅማጥ ማቆሚያ ለአልጋ ቁራኛ ሲጠየቅ፣ ከመሸጡ በፊት «ከዚህ በፊት ድርቀት ነበረባቸው?» ብሎ ቢጠይቅ ዋጋው አንድ ደቂቃ ነው።

አባታችንን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ምርመራው እንደተጠረጠረው ሆነ። መጀመሪያ የሚያለሰልስ ግሊሰሪን በፊንጢጣ ገባላቸው፣ ከዚያ ለብ ያለ ፈሳሽ በኢኔማ ተሰጣቸው። የመጀመሪያው ቀን የወጣው ትንሽ ነው። በሁለተኛው ቀን ባለሙያዋ ማደንዘዣ ቅባት ተጠቅማ የደረቀውን በጣቷ እየከፋፈለች ቀስ ብላ አወጣች፣ ኢኔማውም ተደገመ። ሽንታቸው የዚያኑ ዕለት ወረደ። የሚያለሰልስ ላክቱሎስ በአፍ ተጀመረላቸው። በሦስተኛው ቀን ልብሳቸው ደርቆ አደረ፣ መቃዠቱም ከዚያ በኋላ እየቀለለ ሄደ።

ይህን በቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት አደራ። ጣት ሲገባ ፊንጢጣ ሊቆስልና ሊደማ ይችላል፤ ልብ ምትም ሊዘገይና ሰው ሊዝለፈለፍ ይችላል። የሳሙና ውሃ በኢኔማ መስጠት አንጀትን ሊያቆስል ይችላል። ትውከት ከመጣ፣ ሆድ በኃይል ካመመና ከጠነከረ፣ ፈስም ካቆመ፣ ደም ከታየ ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ ምንም ማስወጫ ሳትሰጡ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ስለ ተልባ ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ተልባ ለሚንቀሳቀስና ደህና ለሚጠጣ ሰው ጥሩ ነው። ለተዘጋና ውሃ ለማይጠጣ ሰው ግን እያበጠ መጠኑን ይጨምራል። መዘጋቱ መጀመሪያ ይጽዳ፣ ከዚያ ከብዙ ውሃ ጋር።

ከጸዳ በኋላ ነገሩ በቀላሉ ይመለሳል። የአባታችን ልጆች ያደረጉት ይህን ነው። ሐኪም ፈሳሽ ቀንሱ ካላላቸው በቀር በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ብርጭቆ፣ አንዴ ብዙ ሳይሆን ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይሰጣሉ። ቁርስ ከበሉ በኋላ አንጀት በራሱ ስለሚነቃ፣ በዚያው ሰዓት መካከሏ በተቀደደች ወንበር ከባልዲ ጋር ያስቀምጧቸዋል፣ እግራቸው ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ አድርገው ወደፊት ዘንበል ያስደርጓቸዋል። በተኛ ሰው ሥር ፖፖ ማስገባት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። መድኃኒቱም ትራማዶሉ እስካለ ድረስ አይቋረጥም፤ «ተሻላቸው» ብሎ ማቆም ነው ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው። የረጠበው ቆዳ በውሃ ታጥቦ በቀስታ ይደርቅና ቫዝሊን ይቀባል።

ስለ ሶላታቸውም ኡስታዛችን ነግረዋቸዋል። መቆጣጠር የማይችሉት ፈሳሽ ካለ፣ ወቅቱ ሲገባ ይታጠባሉ፣ ጨርቅ ወይም ዳይፐር ያስራሉ፣ ዉዱእ አድርገው ይሰግዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሳያውቁት የወጣው ሶላታቸውን አያበላሽም። ይህን ቀድመው ቢሰሙ ኖሮ ውሃ አይተዉም ነበር ብለን እናምናለን። ስለዚህ እኛ ለዚያራ የምንሄድ ሰዎች ጥያቄያችንን መጨመር አለብን። «ይበላሉ?» ብቻ ሳይሆን ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ለብቻ አድርጎ «መጨረሻ የወጡት መቼ ነው?» ማለት አለብን።

አሁን በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ በምስማር የተሰቀለ የደብተር ቅጠል አለ። ቀንና ምን እንደወጣ ይጻፍበታል። ሦስት ቀን ባዶ ከሆነ ለነርሷ ይደወላል። ባለፈው ጁሙዓ ስንሄድ አባታችን ራሳቸው «ዛሬ አልተጻፈም፣ ጻፉት እንጂ!» ብለው ልጃቸውን ሲቆጡት ሰማን።