መንጋጋ በጎማ ኳስ አይቀረጽም

ሰሞኑን ቴሌግራም የከፈተ ሁሉ ይህን ማስታወቂያ ሳያይ አልቀረም። የአንድ ጎረምሳ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። «በፊት» በሚለው አገጩ ከአንገቱ ጋር ተዋህዷል፤ «በኋላ» በሚለው መንጋጋው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ከሥር የሚነከስ የጎማ ኳስ፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር አለ። «በ30 ቀን ጆውላይን!»

ወዳጆቼ፣ ይህ ንግድ እውነት በሆነች አንዲት ነገር ላይ የቆመ ውሸት ነው። እውነቷ ጡንቻ ሲሠራ ያድጋል የምትለው ናት። ውሸቱ ደግሞ ያ ጡንቻ አገጭን ያሾላል የሚለው ነው።

ፒያሳ ፀጉር ቤት የሚሠራ የእህቴ ልጅ ኳሱን ገዝቶ ሁዳዴ ሲገባ ጀመረ። በቀን 300 ጊዜ ይነክሳል። በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም ነበርና ለፋሲካ 5 ኪሎ ቀንሶ ደረሰ። ፊቱ ሳሳ፤ የመንጋጋው መስመር ወጣ። ምስጋናው ሁሉ ለኳሱ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ኳሱን አላቆመም፤ ዶሮውና ክትፎውም አልቆመም። ሰኔ ላይ ኪሎው ተመለሰ፣ መስመሩም ጠፋ። ኳሱ ያው ኳስ፣ ንክሻው ያው ንክሻ ነው። የመጣውም የሄደውም ስብ ነበር።

ካላመናችሁ አሁኑኑ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ጣታችሁን ከጆሯችሁ በታች፣ መንጋጋ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ አድርጉና ጥርሳችሁን ንከሱ። አበጥ የሚለው ዋናው የማኘኪያ ጡንቻ ነው። ኳሱ የሚያሳድገው እሱን ነው። ያለበትን ቦታ ልብ በሉ፦ ከኋላና ከጎን እንጂ ከአገጭ ሥር አይደለም። ሲወፍር ፊትን ወደ ጎን ያሰፋል። ለዚህም ነው ፊታቸው እንዲጠብ የሚፈልጉ ሰዎች ይህንኑ ጡንቻ በቦቶክስ መርፌ አድክመው እንዲሳሳ የሚያስደርጉት። አንዱ ለማሳሳት ይከፍላል፤ ሌላው ለማወፈር።

አሁን ደግሞ ከአገጫችሁ ሥር ያለውን ቆንጥጣችሁ ያዙና እንደገና ንከሱ። በጣታችሁ መካከል ያለው ቆዳና ስብ አይጠነክርም፤ አይቀንስም። ጡንቻው ከሥሩ ነው። ጡንቻ ከላዩ የተደረበውን ስብ ለይቶ አይበላም፤ ሰውነት ስብ የሚያወጣው ከመላው አካል ነው። በ1971 የቴኒስ ተጫዋቾች ክንድ ተለክቶ ነበር። ራኬት የሚይዘው ክንድ ከሌላው ወፍሯል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ግን በሁለቱም እኩል ነበር። ዓመታት የመታ ክንድ ያላቀለጠውን ስብ የ30 ቀን ኳስ አያቀልጠውም።

«ጥናት አለ» የሚሉ ሻጮችም አሉ። አዎ፣ አለ። በ2018 የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከ40 እስከ 65 ዓመት የሆኑ ሴቶችን ለ20 ሳምንታት የፊት እንቅስቃሴ አሠርተው ነበር። 27 ጀምረው 16 ጨረሱ። ለውጥ የታየው በጉንጭ ሙላት ላይ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ጉንጭ ሞላ ብሏል። ለማነጻጸሪያ እንቅስቃሴውን ያልሠራ ቡድን አልነበረም። ከዚህ ተነስቶ ለጎረምሳ መንጋጋ ኳስ መሸጥ ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው።

እንደ ማስቲካ ምንም ጉዳት ባይኖረው ዝም ባልኩ። ግን የመንጋጋ መገጣጠሚያ፣ ልክ ከጆሮ ፊት ያለው፣ በመካከሉ ስስ ትራስ አለው። ከልክ በላይ ሲጫኑት ትራሱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ አፍ ሲከፈት «ቀጭ» ይላል፤ ሲብስ ያማል፣ አፍም አልከፈት ይላል። ለሰዓታት ጫት የሚያላምጡ ሰዎች የሚያውቁት ሕመም ነው። የእህቴ ልጅም ግንቦት ላይ ቀጭቀጭታውን ሰማ፤ «እየሠራ ነው ማለት ነው» አለኝ። የጎማ ኳስ የነከሰ ሁሉ እንዲህ ይሆናል አልልም። ግን መንጋጋው የሚያመው፣ ወይም ሦስት ጣት ደርቦ አፉ ውስጥ ማስገባት ያቃተው ሰው ኳሱን ጥሎ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ታዲያ ምን ይለወጣል? የአጥንቱ ቅርጽ ከእናትና ከአባት ነው፤ ዕድገቱን የጨረሰ ሰው ነክሶ አይቀይረውም። ክብደት የጨመረ ሰው ሲቀንስ ፊቱም አብሮ ይሳሳል፤ ግን መጀመሪያ ከየት እንደሚቀንስ አይመርጥም። ቀጭን ሆኖ ድርብ አገጭ ያለው ሰው ደግሞ ችግሩ የአጥንት አቀማመጥ ወይም የቆዳ መላላት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያም ኳስ መድኃኒቱ አይደለም።

የሚገርመው፣ ያ ልጅ የፒያሳን ጎረምሳ ሁሉ በምላጭ ጢም እየቀረጸ በሃያ ደቂቃ ጆውላይን ያወጣለታል። ጥላና መስመር መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለራሱ ሲሆን ግን ፎቶ አመነ። «በኋላ» የሚለውን ፎቶ እንደገና እዩት፦ አገጩ ቀና ብሏል፤ መብራቱም ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። ኳሱን ሳትገዙ ይህን አቀማመጥ መስታወት ፊት ሞክሩት። ነጻ ነው።