ማህተሙን አይታችሁ አትለፉ፤ ብሬከሩንም ጠይቁ

ፎርጅድ ወረቀት ሲነሳ የሁላችንም ዓይን የሚሄደው ማህተሙ ላይ ነው። ክብ ነው? ፊርማው ላይ አርፏል? ቀለሙ ደብዝዟል? እንዴ ወገን፣ ማህተም'ኮ ያስቀርጹታል! ጥሩ ፕሪንተርና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ከኦርጅናሉ የበለጠ የሚያምር ወረቀት ያወጣል። ሊያስቀርጹ የማይችሉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ወረቀቱን ሰጠ የተባለው ተቋም መዝገብ ነው፣ ሌላው ሰውየው እጅ ላይ ያለው ሙያ ነው። ሁለቱን ለየብቻ መመርመር አለብን ባይ ነኝ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ የምሠራበት ትምህርት ቤት የቅጥር ኮሚቴ አባልም ነኝ። ባለፈው ክረምት የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ አወዳድረን ነበር። 30 ኮምፒውተር ለሚገባበት አዲስ ክፍል መስመር የሚዘረጋ፣ ከዚያ በኋላም የግቢውን ኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ሰው ነው የፈለግነው። ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። ጣሪያው ኮርኒስ ነው፤ ሽቦው የሚያልፈውም በኮርኒሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ይሁን፣ እየሠራ ይማራል» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

አንደኛው አመልካች ፋይሉ ወፍራም ነው። የደረጃ 4 የኮሌጅ ሰርተፍኬት፣ የሲኦሲ ወረቀት፣ የስድስት ዓመት የሥራ ልምድ ከአንድ ተቋራጭ፣ አራት የአጭር ሥልጠና ምስክር ወረቀት። ሲቪው ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ «ሙሉ ኤሌክትሪኩን መርቼ አሠርቻለሁ» ይላል። ኮሚቴው ውስጥ ያሉ ሰዎች ገና ሳያናግሩት ወደዱት።

እኔ ወረቀት ሳይ የምጀምረው ከቀኖቹ ነው። የእኛ አገር ሰርተፍኬት ብዙ ጊዜ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይይዛል፤ ወረቀት ሠሪዎችን የሚያደናቅፋቸውም ይኸው ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይሆናል። የሰውየው ሰርተፍኬት በአማርኛው «ሐምሌ 2007»፣ በእንግሊዝኛው «ጁላይ 2014» ይላል። ሐምሌ ላይ ስምንት መደመር ስላለበት 2015 መሆን ነበረበት። ይህ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ እውነተኛ ኮሌጅ ውስጥም ጸሐፊ ይሳሳታል። ግን ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ እንዳታነሱት የሚያደርግ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ዓመቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሰርተፍኬቱ መሠረት ከ2005 እስከ 2007 በአንድ የክልል ከተማ መደበኛ የቀን ሠልጣኝ ነበር። በሥራ ልምዱ መሠረት ደግሞ ከመስከረም 2006 ጀምሮ አዲስ አበባ ሙሉ ጊዜ «ሱፐርቫይዘር» ነበር። አንድ ሰው ጠዋት ክፍል ውስጥ ሆኖ ጠዋት ሌላ ከተማ ፎቅ ላይ አይቆምም። የሥራ ልምዱ ላይ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። የቅጥር ማስታወቂያ ሁሉ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» የሚለው ለማስጌጥ አይደለም። ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነው፤ በየወሩ ለስድስት ዓመት የተቆረጠ ግብርና ጡረታ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈጠርም።

ምክትል ርዕሰ መምህራችን «እንግዲህ ስልኩ እዚህ አለ፣ ደውለን እንጠይቃቸው» አሉ። እኔ ተቃወምኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ የወረቀቱ አካል ነው። ወረቀቱ ፎርጅድ ከሆነ ስልኩን የሚያነሳው የአክስቱ ልጅ ነው። አድራሻውን ከሌላ ቦታ ፈልጋችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ፣ ከወረቀቱ ኮፒ ጋር ራሳችሁ ላኩ፤ መልሱም በአመልካቹ እጅ አይምጣ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ያምታታሉ። የደረጃውን ሰርተፍኬት የሚሰጠው ኮሌጁ ነው፤ ሲኦሲውን የሚሰጠው ደግሞ የሙያ ብቃት ምዘና የሚሠራው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ሁለት ነው። ኮሌጁ «የእኛ ተማሪ ነው» ቢል እንኳ ምዘናውን ማለፉን አይነግራችሁም።

ደብዳቤዎቹ መልስ እስኪያገኙ ቃለ መጠይቁ ደረሰ።

ጥያቄ ከማውጣቴ በፊት የሰፈራችንን አንድ የቆየ ኤሌክትሪሽያን ቁጭ አድርጌ አማክሬያለሁ። መልሱን የማታውቁትን ጥያቄ ቴክኒካል ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሸንፈው አፈኛው ነው። «የኦም ሕግ ምንድነው?» ዓይነት ጥያቄም አይጠቅምም። ያንን የእኔ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችም ይወጡታል። የሚጠቅመው ሥራውን የሠራ ሰው ብቻ ተቸግሮ የሚያውቀውን ነገር መጠየቅ፣ መልሱ ሲመጣ ደግሞ «ከዚያስ?» እያሉ መውረድ ነው። ሸምድዶ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ፎቅ ይወጣዋል፤ ሁለተኛው «ከዚያስ» ላይ ደረጃው ያልቅበታል።

ጥያቄያችን ለሁሉም አመልካች አንድ ነበር፦ 30 ኮምፒውተር ላለው ክፍል ሽቦና ብሬከር እንዴት ትመርጣላችሁ?

ባለ ወፍራም ፋይሉ ወዲያው መለሰ። «በ2.5 ሽቦ አንድ መስመር፣ 40 አምፔር ብሬከር፤ በቃ አያስቸግርም።» ድምፁ ሙሉ ነው፣ ቁጥር አለው፣ ለሰሚው ጥሩ ነው። ሁለት የኮሚቴ አባላት ሙሉ ነጥብ ሲጽፉ አየሁ።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ በግምት 200 ዋት ብንይዝለት 30ው 6,000 ዋት ይሆናሉ። ለ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 27 አምፔር ይመጣል። በቱቦ ውስጥ ያለፈ 2.5 ሽቦ በተለምዶ ከ20 አምፔር በማይበልጥ ብሬከር ነው የሚጠበቀው። እኔም «ሽቦው 35 አምፔር ቢሸከም ብሬከሩ ምን ያደርጋል?» አልኩት። «አይወድቅም፣ 40 ነው'ኮ፤ ለዚህ ነው ትልቅ ያደረግሁት» አለ። እሱ ይህንን እንደ ጥቅም ነው የቆጠረው። ብሬከር የሚገባው ግን ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው። ሽቦው ኮርኒስ ውስጥ እየጋለ ላስቲኩ ሲቀልጥ ብሬከሩ ተኝቶ ያድራል። መብራት «እየጠፋ አስቸገረን» ሲባል ትልቅ ብሬከር የሚቀይር ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ እሳቱም የሚነሳው ከዚያ ነው።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር ስል «ይቅርታ መምህር፣ እርስዎ ግን ዲግሪ አለዎት?» አለኝ። የለኝም፤ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ እሱም ቢጠየቅ መዝገቡ ኮሌጁ አለ። «ጥያቄው ግን ስለ ሽቦው ነው» አልኩት።

ሦስተኛው አመልካች ፋይሉ ቀጭን ነው፤ ደረጃ 2 ብቻ። ያንኑ ጥያቄ ስንጠይቀው መልስ አልሰጠም፤ ጠየቀን። «ኮምፒውተሮቹ የድሮዎቹ ናቸው አዲስ? ዩፒኤስ ይኖራቸዋል? ከቆጣሪው እስከ ክፍሉ ስንት ሜትር ነው? አሁን ያለው ዋና ብሬከር ስንት ነው?» ኮሚቴው መጀመሪያ አላወቀም ብሎ ነበር። ከመለስንለት በኋላ ወረቀት ተቀብሎ ክፍሉን ለሦስት መስመር ከፈለው። በየመስመሩ አሥር ኮምፒውተር፣ በ2.5 ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከር። አሥሩ ወደ 9 አምፔር ስለሚጎትቱ ይበቃል፤ አንዱ መስመር ቢበላሽም ክፍሉ በሙሉ አይጨልምም። ስለ መሬት መስመሩ ስንጠይቀው «ዘንጉን መቅበር አያቅተኝም፣ ግን መለኪያው የለኝም፤ ሳይለካ ጥሩ ነው አልልም» አለ። ስለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሲጠየቅ «አልሠራሁም» ብሎ ዝም።

ማጋነንን የምለይበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ነገር የት እንደሚያልቅ ይነግራችኋል። ወረቀት ይዞ የመጣው ማለቂያ የለውም፤ ሞተርም ሠርቷል፣ ሶላርም ሠርቷል፣ ሊፍትም ሠርቷል።

ግን ልጠንቀቅ። ፊት ለፊት ሲጠየቅ ምላሱ የሚተሳሰር ጎበዝ ባለሙያ አለ፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነም አለ። ለዚህ ነው ከቃሉ በኋላ አንድ ሰሌዳ፣ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ብሬከርና ቴስተር ሰጥተን 20 ደቂቃ ያሠራናቸው። አንዱ በአፍ ምንም ያልወጣው ልጅ ሰሌዳው ላይ በጣም ጥሩ ሠራ። ባለ ወፍራም ፋይሉ ግን ሽቦውን ሲልጥ መዳቡን ቆርጦት ጥቂት ክሮች ብቻ ቀሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የኮሌጁ መልስ መጣ፦ በሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ቁጥር በመዝገባችን የሌላ ሰው ነው፣ ሙያውም ሌላ ነው። የምዘናው መሥሪያ ቤትም የለም አለ።

እዚህ ላይ የፌስቡክ ዳኞች እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። «ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው» እና «ፋይሉን አላገኘነውም» ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። በጦርነቱ የተዘረፉና የተቃጠሉ ተቋማት አሉ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዴ በአንድ ዓይነት፣ አንዴ በሌላ የተጻፈ ሰው አለ፤ የአያቱ ስም የተዘለለበትም አለ። «አላገኘነውም» ከተባለ ሌላ ማስረጃ ይፈለጋል፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ አብረውት የተማሩ ሰዎች መዝገብ፣ የጡረታ ቁጥር። የሰውን ፎቶ ከነወረቀቱ ለጥፎ «ሌባ» ማለት ግን የሰጪው መልስ ሳይመጣ ነውር ነው፤ ከመጣም በኋላ የሚሄደው ለሚመለከተው አካል እንጂ ለኮሜንት አይደለም። ለዚህ ነው እኔም የሰውየውን ስምም ከተማም የማልጽፈው።

«ትልቅ ሰው ወረቀቱን መመርመር ስድብ ነው» ላሉኝም፣ ስድብ የሚሆነው አንዱን መርምሮ የዳይሬክተሩን ዘመድ ሲያሳልፉ ነው። ደረጃ 2 የነበረውንም ልጅ ሁለቱንም ደብዳቤ ጽፈን ጠይቀንለታል፤ መልሱ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ክፍሉን ሦስት መስመር አድርጎ ዘርግቶታል፤ የመሬት መለኪያውን ደግሞ ከጓደኛው ተውሶ አምጥቶ ቁጥሩን ሰሌዳው በር ላይ በማርከር ጽፎታል።

አሁን ኮሚቴያችን የሚጨቃጨቀው የማረጋገጫውን ወጪ ማን ይክፈል በሚለው ነው። ገሚሱ አመልካቹ ይክፈል ይላል። እኔ ትምህርት ቤቱ ይክፈል ባይ ነኝ፤ ሥራ የሌለው ሰው እየከፈለ ንጹሕነቱን የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ከፋዩ እሱ ከሆነ ደብዳቤውን ይዞ የሚሄደውም እሱ ይሆናል።