ኦክሲጅን ሲበዛ ደም ውስጥ ምን ይሆናል?

ሃሉንዳ ውስጥ የአረጋውያንን ቤት እየዞርን የምንንከባከብ ሐበሾች፣ ስዊድኖች «ኮል» የሚሉትን ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ በደንብ እናውቀዋለን። ነርሷ የኦክሲጅኑን መጠን እንዳንነካ ደጋግማ ታስጠነቅቃለች። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ኦክሲጅን ከበዛ አንጎላቸው መተንፈስን ይተዋል» እንባላለን። ይህ ከእውነቱ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ነገር ያለው ደሙና ሳንባው ውስጥ ነው።

ሰውነታችን የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባል። እዚያ አንድ ኢንዛይም ከውሃ ጋር አዋህዶ ወደ ባይካርቦኔትና ወደ ሃይድሮጂን አዮን ይለውጠዋል። ባይካርቦኔቱ ወደ ፕላዝማ ወጥቶ ይጓዛል፤ ሃይድሮጂኑን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል። ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድም በቀጥታ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል። ኦክሲጅኑን ያራገፈ ሄሞግሎቢን ሁለቱንም አጥብቆ ይይዛል፤ ሳንባ ደርሶ ኦክሲጅን ሲጭን ግን ይለቃቸዋል። ይህን በ1914 እ.ኤ.አ. ክሪስቲያንሰን፣ ዳግላስና ሆልዴን አሳዩ፤ ዛሬም «የሆልዴን ውጤት» ይባላል።

በቁጥር እንየው። ወደ ሳንባ የሚመለስ 100 ሚሊ ሊትር ደም 52 ሚሊ ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል። ሳንባ ውስጥ የጋዙ ግፊት ከ45 ወደ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል፤ ይህ ብቻውን ቢሆን ደሙ ውስጥ 50 ይቀር ነበር። ኦክሲጅኑ ሲጨመር ግን 48 ይቀራል። ከሚራገፈው ጋዝ ግማሽ ያህሉን የሚያስለቅቀው እንግዲህ ኦክሲጅን ነው።

ጤነኛ ሳንባ የተለቀቀውን ወዲያው ያስወጣል። የታመመው ግን አተነፋፈሱን መጨመር ስለማይችል፣ ኦክሲጅን ሲበዛ ሄሞግሎቢን የለቀቀው ጋዝ እዚያው ደም ውስጥ ግፊቱን ያንራል። ሌላም አለ፦ አየር በደንብ የማይደርስበት የሳንባ ክፍል የደም ሥሮቹን አጥብቦ ደሙን ወደ ተሻለው ክፍል ይልክ ነበር። ኦክሲጅን ሲበዛ ሥሮቹ ይከፈቱና ደሙ ጋዙን ማራገፍ ወደማይችልበት ቦታ ይሄዳል።

በ1980 ኦቢየና ባልደረቦቹ በጠና ለታመሙ 22 ሰዎች ለ15 ደቂቃ ንጹሕ ኦክሲጅን ሰጥተው ለኩ። የሚተነፍሱት አየር የቀነሰው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊታቸው ግን በአማካይ በ23 ሚሊሜትር ጨመረ። አንጎሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት አይመጣም ነበር።

ለእነዚህ ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ የሚመከረው የኦክሲጅን ሙሌት ከ88 እስከ 92 በመቶ የሆነው ለዚህ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ 98 ቢያሳይ ደስ አይበላችሁ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አያይም፤ እሱ የሚታወቀው በደም ጋዝ ምርመራ ነው። ሕመምተኛው ራሱን ካመመው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ከተደናገረ ወይም እጁ ከተርገፈገፈ ወዲያውኑ 112 ደውሉ። ኦክሲጅኑን ግን በራሳችሁ አትዝጉት፤ በድንገት ሲቋረጥ የደሙ ኦክሲጅን ከቀድሞውም በታች ሊወርድ ይችላል።